የተዘጋ ጉዳይ ኢሜይል መቼ ይጥፋ?

አንድ ቀን ጠዋት ደንበኛ ይደውልና «የላክሁላችሁ ኢሜይል ተመለሰብኝ» ይላል። ሲታይ የቢሮው ጂሜይል ሞልቷል። ነጻው ጂሜይል 15 ጊጋባይት ቦታ አለው፤ ያንንም ኢሜይሉ፣ ድራይቩና ፎቶው በጋራ ይካፈሉታል። ሲሞላ አዲስ መልእክት መቀበል ያቆማል። ያኔ የሚደረገው የታወቀ ነው። ጸሐፊዋ ወደ ኢንቦክሱ መጨረሻ ትወርድና ከአሮጌው ጀምራ ሃምሳ ሃምሳውን እየመረጠች ታጠፋለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ የአራት ዓመት ደብዳቤ ይሄዳል፤ የተለቀቀው ቦታ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስህተቱ ማጥፋቷ አይደለም። በዕድሜ መለካቷ ነው። አንድ ኢሜይል ስላረጀ ብቻ አይጣልም፤ አዲስ ስለሆነ ብቻም አይቀመጥም። ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ይህ ኢሜይል ምን ያረጋግጣል? የሚያረጋግጠው ጉዳይስ መቼ ተዘጋ? በዚህ ጽሑፍ ስድስት ሠራተኞች ያሉትን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፕሪንተርና ቶነር የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ቢሮ በምሳሌነት ይዘን ሁለቱን ጥያቄዎች እስከ መጨረሻው እንከተላለን።

ሁለቱ አዝራሮች በትክክል ምን ይሠራሉ?

ብዙ ሰው ማህደር ማስገባትንና ማጥፋትን ያቀላቅላል። በጂሜይል ማህደር ያስገቡት መልእክት ከኢንቦክሱ ብቻ ይወጣል። «ሁሉም ደብዳቤ» በሚለው ክፍል ውስጥ ይኖራል፣ ሲፈለግ ይገኛል፣ ቦታም እንደ በፊቱ ይይዛል። ሰውዬው መልስ ከጻፈ ደግሞ ምልልሱ በራሱ ወደ ኢንቦክስ ይመለሳል። ስለዚህ ማህደር ማስገባት ማለት «ለጊዜው የምሠራበት ነገር የለም» ማለት እንጂ «አያስፈልገኝም» ማለት አይደለም።

ያጠፉት መልእክት ወደ መጣያ ይሄዳል። እዚያ 30 ቀን ይቆይና ለዘለቄታው ይጠፋል። ስፓም ውስጥ የገባውም እንዲሁ በ30 ቀን ይጠፋል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ጂሜይል መልእክቶችን በምልልስ ያስራል። ከዝርዝሩ ላይ አንዱን መስመር መርጠው ካጠፉ የመጨረሻውን «እሺ አመሰግናለሁ» ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን ሃያ መልእክቶች በሙሉ አጥፍተዋል። ሁለተኛው፣ ተራ ፍለጋ መጣያንና ስፓምን አያይም። የጠፋ መስሎ የሚታይ ደብዳቤ እዚያ ተቀምጦ ቀኑን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። `in:anywhere` ብለው ከሚፈልጉት ቃል ጋር ቢጽፉ ሁሉንም ክፍል ይፈትሽልዎታል።

ኢንቦክሱ ታዲያ ለምንድን ነው? እንደ ጠረጴዛ ነው። ሥራው ያላለቀ ወረቀት ብቻ ይቀመጥበታል። ያለቀው ወደ ማህደር፣ የማይረባው ወደ ቅርጫት ይሄዳል።

የአንድ ጠዋት ኢሜይል

ቢሮው ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ዘጠኝ ኢሜይል ገብቷል እንበል።

የመጀመሪያው የአንድ ደንበኛ የግዢ ትዕዛዝ ነው፤ 12 ቶነር ይፈልጋል። ይህ ደንበኛው ዕቃውን ተረክቦ ክፍያው እስኪገባ ድረስ ኢንቦክስ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ማህደር ይገባል። ሁለተኛው ከባንክ የመጣ የገቢ ማሳወቂያ ነው። የሚሠራበት ነገር የለም፤ ግን ገንዘቡ ከማን፣ መቼ እንደመጣ ያረጋግጣል። ቀጥታ ማህደር ይገባል። ሦስተኛው ደንበኛ ስካን አድርጎ የላከው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ነው። ግብር ሲታሰብ ቀድሞ እንደተከፈለ የሚቆጠርላችሁ በዚህ ነውና ከሁሉም በላይ ይጠበቃል። ዋናው ወረቀት መድረሱንም የሒሳብ ሠራተኛው ያረጋግጣል።

አራተኛው የአቅራቢ ካታሎግ ነው። ባለ ቀለም፣ 18 ሜጋባይት የሚመዝን። ያዘዙበት ዋጋ ከሌለበት ይጥፋ። ነገር ግን ከካታሎጉ ጋር «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጸናል» ተብሎ ከተጻፈና በዚያ ዋጋ ሊያዙ ካሰቡ ማስታወቂያ መሆኑ ቀርቶ የዋጋ ማቅረቢያ ሆኗል። አምስተኛው የሕንፃው አስተዳደር «ነገ ውሃ አይኖርም» ያለው ነው፤ ከነገ ወዲያ ይጥፋ። ስድስተኛው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኮድ ነው። እንደተጠቀሙበት ወዲያው ይጥፋ፤ የማንኛውም አካውንት መክፈቻ ፍንጭ ኢሜይል ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ሰባተኛው ሳይጠየቅ የመጣ የሥራ ፈላጊ ሲቪ ነው። ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን። ስምንተኛው ከጥገና ቴክኒሻኑ ለደንበኛው የተላከና ለቢሮው ግልባጭ የተደረገ አንድ መስመር ነው፦ «ዛሬ ጠዋት መጥቼ ነበር፣ ጥበቃው ትዕዛዝ አልደረሰኝም ብሎ አላስገባኝም።» ወሬ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚያጠፋውም ይኼንኑ ነው። ነገር ግን ውሉ «በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተጠገነ ቅጣት አለ» የሚል ከሆነ ቢሮውን ከቅጣት የሚያድነው ይህ አንድ መስመር ነው። ማህደር ይገባል።

ዘጠነኛው «የባንክ ሒሳባችንን ቀይረናል፣ ቀጣዩን ክፍያ በዚህ ቁጥር አስገቡ» የሚል ከአቅራቢ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ ነው። ይህ የታወቀ የማጭበርበሪያ መንገድ ስለሆነ በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ደውለው ይጠይቁ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘም አያጥፉት። ለባንኩም ለፖሊስም የሚቀርበው ማስረጃ እሱ ራሱ ነው።

ሲቪውን ለጊዜው ትተን፣ ከዘጠኙ ውስጥ ወዲያውኑ ወይም በቅርቡ የሚጠፉት ሦስት ናቸው፦ ካታሎጉ፣ የውሃው ማስታወቂያና ኮዱ። መለያው የጽሑፉ ርዝመት ወይም የላኪው ክብር አልነበረም። ዋጋን፣ ስምምነትን፣ ርክክብን፣ ክፍያን ወይም ለመዘግየት ምክንያት የሆነን ነገር ያሳያል ወይ የሚለው ብቻ ነው።

ቦታ የሚበላው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። አባሪ የሌለው ተራ ኢሜይል የሚመዝነው ጥቂት ኪሎባይት ነው። አብዝተን 20 ኪሎባይት ብንለው እንኳ አንድ 20 ሜጋባይት የሆነ አባሪ ከአንድ ሺህ ያህል ደብዳቤ ጋር እኩል ይመዝናል። ያቺ ጸሐፊ አራት ዓመት ሙሉ አጥፍታ ቦታ ያላገኘችው ለዚህ ነው። ቦታ ሲጠብ የሚፈለገው አሮጌው ሳይሆን ከባዱ ነው። በጂሜይል መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ እነዚህን አንድ በአንድ መጻፍ ይቻላል፦

```
larger:10M
category:promotions older_than:6m
```

የመጀመሪያው ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ያወጣል። ሁለተኛው ጂሜይል ማስታወቂያ ብሎ የለያቸውን፣ ከስድስት ወር በላይ የቆዩትን ያሳያል። ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ከማጥፋት በፊት በዓይን ይቃኝ፤ የአየር መንገድ ወይም የኢንተርኔት አገልግሎት ደረሰኝ አንዳንዴ ከማስታወቂያ ጋር ይመደባል። በአንድ ምልልስ ውስጥ «ይህ ይጥፋ፣ ይህ ይቅር» እያሉ መልቀም ግን ጊዜ ማባከን ነው። ምልልሱ አንድ የሚያረጋግጠው ነገር ካለው ሙሉውን ያስቀምጡ። «ደርሶኛል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከበላዩ ካለው ደብዳቤ ጋር ግን የመቀበል ማረጋገጫ ነው።

ስንት ዓመት?

ሕጉ «ኢሜይል ይህን ያህል ዓመት ይቀመጥ» አይልም። የሚለው ስለ ሰነድ ነው፤ ኢሜይልም ሰነድ የሚሆነው በይዘቱ ነው።

ዋናው መነሻ የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን በንግድ ሕጉ ለተወሰነው ጊዜ ወይም የግብር ዘመኑ የታክስ ማስታወቂያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ5 ዓመት፣ ከሁለቱ ለረዘመው ጊዜ እንዲይዝ ያዛል። ለንግድ መዝገብ በእኛ ዘንድ ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ የታወቀው ጊዜ 10 ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1845፣ ሌላ ልዩ ሕግ ከሌለ በቀር በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል ይላል። ስለዚህ ለገንዘብና ለውል ጉዳይ «5 ዓመት ይበቃል» የሚለው የተለመደ አባባል የሕጉን አጭሩን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። ትንሽ ቢሮ 10ን ቢይዝ ሁለቱንም በአንድ ልክ ይሸፍናል።

የሠራተኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚጠይቀው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር፣ ሌላው በጠቅላላ በአንድ ዓመት ይታገዳል። ይህን አይቶ የሠራተኛን ኢሜይል በአንድ ዓመት ማጥፋት ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም የደመወዝ ሰነዱ የሥራ ግብር ሰነድም ነው። ስለዚህ ይለያዩ። ደመወዝንና ጡረታን የሚመለከተው ከግብሩ ጋር 10 ዓመት ይሂድ። የፈቃድ ጥያቄው፣ የማርፈድ ማስጠንቀቂያውና የመሳሰለው ሠራተኛው ከለቀቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ሁለት ያልሁት ከአንዱ ዓመት ይርጋ በላይ ትንሽ መተንፈሻ ለመስጠት ነው። ሰውዬው ከአምስት ዓመት በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃ ፈልጎ ሊመጣ ስለሚችል የቅጥርና የስንብት ደብዳቤው ከዚህ ውጭ ሆኖ ይቆይ።

አሁን ወደዚያ ሲቪ እንመለስ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋዋል። የሰውን የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ መያዝ አይገባም። ሲቪ ውስጥ ስልክ፣ አድራሻ፣ ፎቶ፣ አንዳንዴም የመታወቂያ ቅጂ አለ። ሳይጠየቅ ከመጣና ክፍት ቦታ ከሌለ መልስ ተሰጥቶት ይጥፋ። በማስታወቂያ የመጣ ከሆነ ቅጥሩ ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ያልተቀጠሩት ይጥፉ። ስድስት ወር የሕግ ቁጥር ሳይሆን የእኔ ምክር ነው። «ምናልባት አንድ ቀን» ተብሎ የተከማቸ የሁለት መቶ ሰው ሲቪ ግን የቢሮው ሀብት ሳይሆን ዕዳ ነው፤ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል በተሰረቀ ቀን ሁሉም ይወጣል።

ከዚህ ውጭ ያለው ቀላል ነው። ውል ሳይሆኑ የቀሩ ፕሮፎርማዎች ለአንድ ዓመት፣ የስብሰባ ቀጠሮና የዕለት ተዕለት መልእክት ለሦስት ወር ቢቀመጡ ይበቃቸዋል። የንግድ ፈቃድ፣ የምዝገባና የአክሲዮን ጉዳይ የሚመለከቱት ቢሮው እስካለ አይጠፉም።

ሰዓቱ መቼ መቁጠር ይጀምራል?

አብዛኛው ቢሮ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ያውቀዋል፤ መነሻውን ግን ኢሜይሉ የገባበትን ቀን ያደርጋል። የቢሯችንን አንድ ጉዳይ ቀን በቀን እንከተል።

ኅዳር 2015 ላይ አንድ ትምህርት ቤት ፕሮፎርማ ጠየቀ፤ ተላከ። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2015 እስከ ኅዳር 30 ቀን 2017 የሚቆይ የሁለት ዓመት የጥገና ውል ተፈረመ። መካከል ላይ፣ ግንቦት 2016፣ ቢሮው የመለዋወጫ ዋጋ መናሩን ጽፎ ደንበኛው «ተስማምተናል» ብሎ በኢሜይል መለሰ። የመጨረሻው ክፍያ ጥር 12 ቀን 2017 ገባ። መጨረሻ ላይ ለተቀየረው ዕቃ የተሰጠው ዋስትና መጋቢት 30 ቀን 2017 አበቃ። ጉዳዩ የተዘጋው ያን ቀን ነው። ሐምሌ 1 የሚጀምረው የ2017 በጀት ዓመት ሰኔ 30 አለቀ፤ የዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ቀረበ።

አሁን ቢሮው «5 ዓመት» ብሎ ከገባበት ቀን ቢቆጥር ፕሮፎርማው ኅዳር 2020 ላይ ይጠፋል። የጉዳዩን የመጨረሻ ዓመት የሚመለከተው አጭሩ የግብር ጊዜ እንኳ የሚያልቀው ጥቅምት 2023 ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያህል ደረሰኙ በእጃችሁ አለ፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ግን የለም። ከዚያ በኋላ ግንቦት 2021 ላይ «ተስማምተናል» የሚለው ይጠፋል። ጉዳዩ እንደ ሹራብ ከአንድ ጫፍ ይተረተራል። ኦዲተር «ይህ ዋጋ ለምን ከውሉ ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ያ አንድ ቃል ነበር።

ትክክለኛው አቆጣጠር እንዲህ ነው። የጉዳዩ ኢሜይሎች በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ፕሮፎርማ ጀምሮ፣ አንድ ላይ ይታሰራሉ። የተዘጉት በ2017 በጀት ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ማስታወቂያ የቀረበው ጥቅምት 20 ቀን 2018 ስለሆነ ከዚያ ቀን 10 ዓመት ይቆጠራል። ስለዚህ ጥቅምት 20 ቀን 2028 ድረስ አንዱም አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። የውሉ 10 ዓመትም ጉዳዩ ከተዘጋበት ቀን ቢቆጠር እንኳ ከዚያ ቀድሞ መጋቢት 2027 ላይ ያልፋል።

የዘመን አቆጣጠራችን እዚህ አንድ እንቅፋት አለው። ጂሜይል የሚያውቀው የአውሮፓን ቀን ነው። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ በጁላይ 8 ይውላል፤ ስለዚህ የ2017 በጀት ዓመትን ደብዳቤ ለማውጣት እንዲህ ይጻፋል፦

```
after:2024/07/08 before:2025/07/08
```

«2017» ሲባል ከመስከረም የሚጀምረውን ዓመት ያሰበ ሰው የሐምሌንና የነሐሴን ደብዳቤ በሙሉ በተሳሳተ ዓመት ይመድባል። በሳጥን ላይም በሌብል ላይም «2017 በ.ዓ.» ብሎ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

አቀማመጡ

ብዙ ሌብል የሚከፍት ቢሮ ሁለት ወር ሳይቆይ ይተወዋል። ለስድስት ሰው ቢሮ አምስት ይበቃሉ፦ «ክፍት»፣ «የተዘጋ 2017 በ.ዓ.» (በየዓመቱ አንድ አዲስ)፣ «ሠራተኛ»፣ «ቋሚ» እና «አይነካም»። ጉዳይ እስካላለቀ «ክፍት» ላይ ነው። ሲያልቅ ምልልሱ በሙሉ የተዘጋበትን ዓመት ሌብል ያገኛል። እንዲህ ከሆነ የሚጠፋበት ቀን በስሙ ላይ ተጽፎበታል ማለት ነው፤ ማንም ሰው አንድ በአንድ ከፍቶ ማንበብ አያስፈልገውም።

«አይነካም» የሚለው ለክርክር ነው። ደንበኛ ከከሰሰ ወይም ሊከስ እንደሆነ ከጻፈ፣ የግብር ኦዲት ከተጀመረ ወይም የውሳኔ ይግባኝ ካለ የጉዳዩ ኢሜይል ጊዜው ቢደርስም አይጠፋም። ክርክሩ እያለ የጠፋ ደብዳቤ፣ በቅንነት የጠፋም ቢሆን፣ የተደበቀ ይመስላል።

ሦስት ነገሮች ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርጉታል። የመጀመሪያው ሊንክ ነው። ደንበኛው ውሉን አባሪ ከማድረግ ይልቅ የፋይል መላኪያ ሊንክ ከላከ ኢሜይሉ 10 ዓመት ቢቀመጥ ውስጡ ባዶ ነው። አንዳንዱ ሊንክ በጥቂት ቀናት ጊዜው ያልፍበታል። ፋይሉን በዕለቱ አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በቴሌግራም የተስማማችሁትም እንዲሁ ነው፤ «ዛሬ በቴሌግራም በተነጋገርነው መሠረት ዋጋው ይህ ነው» የሚል አንድ ኢሜይል ይከተለው።

ሁለተኛው በራሳቸው ዶሜይን ኢሜይል ያላቸው ቢሮዎች አውትሉክን የሚያገናኙበት መንገድ ነው። ሲገናኝ POP ከተመረጠ ኢሜይሉ ወደዚያ ኮምፒውተር ይወርድና እንደ አሠራሩ ሰርቨሩ ላይ ላይቀር ይችላል። ኮምፒውተሩ የተበላሸ ቀን ማህደሩም አብሮ ያልቃል። IMAP ከሆነ ሰርቨሩና ኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ጋ የጠፋ ግን ሌላውም ጋ ይጠፋል፤ ስለዚህ ምትክ ቅጂ አይደለም። የትኛው እንደሆነ የአካውንቱን ሴቲንግ ከፍቶ ማየት ነው።

ሦስተኛው ፕሪንት ነው። ኢሜይልን አትሞ በቦክስ ፋይል ማሰር መጥፎ አይደለም፤ ግን ከየት ሰርቨር፣ በስንት ሰዓት እንደተላከ የሚያሳየው የደብዳቤው ስውር ራስጌ ወረቀት ላይ አይወጣም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ ክርክር ሲነሳ ግን የሚጠየቀው መልእክቱ ሳይለወጥ መቀመጡ ነው። ትልልቅ ውሎችን የሚመለከተውን ኢሜይል ከጂሜይል በ`.eml` ማውረድ ራስጌውንም አባሪውንም ይዞ ያስቀምጥልዎታል። የመላውን አካውንት ቅጂ ደግሞ በGoogle Takeout በዓመት አንዴ በ`.mbox` አውርዶ ከቢሮው ውጭ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ መያዝ ነው። ቅጂው ላይም የሚጠፋበት ዓመት ይጻፍ፤ አለዚያ ከጂሜይሉ የጠፋው ሲቪ ዲስኩ ላይ ዕድሜ ልኩን ይኖራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታከል። የቢሮው ውል በሠራተኛ የግል ጂሜይል ላይ ከተደረገ ሠራተኛው ሲለቅ ማህደሩ አብሮት ይሄዳል። ጉግል ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ የቆየ «የሽያጭ» ጂሜይል ያለው ቢሮ ቢያንስ በየጥቂት ወሩ ይክፈተው።

የማጥፊያው ቀን

ከማህደር ማጥፋት በየቀኑ የሚሠራ፣ ቦታ ሲሞላም በድንጋጤ የሚደረግ ሥራ መሆን የለበትም። በዓመት አንድ ቀን ይያዝለት። የሚመቸው የግብር ማስታወቂያ ከገባ በኋላ ያለው ኅዳር ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛው ትንሽ ተንፍሷል፣ የትኛው ዓመት እንደተዘጋም በአእምሮው ትኩስ ነው።

በዚያ ቀን ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ኢሜይሉን የሚያውቅ፣ አንዱ ሒሳቡን የሚያውቅ። መጀመሪያ ጊዜው የደረሰው ሌብል ይከፈታል። ከዚያ «አይነካም» የሚል ሌብል ያለበት ካለ ይወጣል። የቀረው ይመረጥና ወደ መጣያ ይሄዳል። ወዲያው መጣያውን ባዶ አያድርጉት፤ 30ው ቀን ለስህተት መመለሻ የተሰጠ ጊዜ ነው። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ይጻፋል፦ «የ2007 በ.ዓ. የተዘጉ ጉዳዮች ኢሜይል፣ በመመሪያችን መሠረት፣ ዛሬ ኅዳር 15 ቀን 2018 ተወግዷል»፣ ከሁለት ፊርማ ጋር። ይህች ወረቀት ቋሚ ናት። ከዓመታት በኋላ «ኢሜይሉ የት ሄደ?» ለሚል ሰው «ጠፋብን» ከማለት ይልቅ የሚሰጠው መልስ እሷ ናት።

መመሪያው ራሱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ የሰነዱ ዓይነት፣ ዓመቱ፣ መነሻ ቀኑና ኃላፊው ሰው። ተግባራዊ ከማድረግዎ በፊት የሒሳብ ባለሙያዎና ጠበቃዎ አንዴ ይዩት፤ የእርስዎ ዘርፍ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያዝ የራሱ ሕግ ሊኖረው ይችላል። እስከዚያ ድረስ ኢንቦክሱ ከሞላ `larger:10M` ብለው ከባዱን ይፈልጉ እንጂ ወደ ታች ወርደው አሮጌውን አይንኩ።